ስትሮጥ የምትንቀጠቀጠው ልጅ

ክፉ ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ሰውን ለመበደል ክፉ መሆን እንደማያስፈልግ በራሴ ስላየሁት ነው። በሕይወቴ ትልቁን በደል የፈጸምኩት ልክ ነኝ ብዬ ድርቅ ባልኩበት ጊዜ ነው።

የበደልኩት ጓደኛዬን ነው። እሱ የዋጃ ልጅ ነው፣ እኔ የቆቦ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሶፍትዌር ተማርኩ፤ ተመርቄ ሥራ ፈልጌ ፈልጌ ሲያቅተኝ ወደ አገሬ ተመልሼ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ያዝኩና ስልክ መጠገን ጀመርኩ። እሱ ደግሞ ታፔላ ይጽፍ ነበር። ከጎብዬ እስከ ዋጃ በመንገዱ ግራና ቀኝ ካሉት ሱቆች የግማሾቹ ስም በእሱ እጅ የተጻፈ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ባለባጃጆቹም ከኋላ የሚያጽፉትን ጥቅስ የሚያጽፉት እሱን ነበር። የእኔን ታፔላ ሊጽፍ የመጣ ቀን ከጽሑፉ ጎን አንድ ስልክ ሣለ። ስልኩ እየጠራ ነበር። እንዴት እንዳደረገው እስካሁን አላውቅም፤ ድምፅ የለው፣ ምልክት የለው፣ ግን ያየው ሁሉ "ይጠራል እኮ" እያለ ያልፋል።

"የሚሮጥ ሰው መሣል ትችላለህ?" አልኩት እዚያው መሰላሉ ላይ እንዳለ።

"ከምን የሚሮጥ?" አለኝ።

"ከጎርፍ።"

ወረደና ብሩሹን ጠራርጎ ቁጭ አለ። "እሱማ አሯሯጡ ሌላ ነው" አለ። ጓደኝነታችን የተጀመረው በዚያች ቅጽበት ነው።

ጌም ልሠራ ማሰብ ከጀመርኩ ቆይቼ ነበር። ብዙ ጌጥ የለውም፤ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሮጥበት፣ ጥልቀት የሌለው፣ በወረቀት ላይ እንዳለ ሥዕል ዝርግ የሆነ ጌም። ሐሳቡ ከሜዳችን የመጣ ነው። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ቦዩን ቀድሞ የከፈተ ማሽላው ይጠጣል፤ የዘገየ ወይ ውኃው ያመልጠዋል፣ ወይ መሬቱ ይታጠባል። በጌማችን ውስጥ አንዲት ልጅ ከጎርፉ ፊት ፊት እየሮጠች እታች ላሉት ገበሬዎች "መጣ! ክፈቱ!" ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ስክሪኑን ነካ ሲያደርጉት ትዘላለች፣ ተጭነው ሲይዙት ትፈጥናለች። ካልፈጠነች ጎርፉ ይቀድማታል።

ይህንን ሁለት ዓመት ሠራነው። እሱ በወረቀት ላይ ይሥላል፣ እኔ ሥዕሉን በስልክ አንስቼ፣ አጽድቼ ወደ ጌሙ አስገባለሁ። ለሩጫዋ ስምንት ሥዕል ያስፈልግ ነበር፤ አንደኛው እግሯን ስታነሣ፣ ሌላው ስትጥል፣ እያለ እስከ ስምንት። ስምንቱ በተርታ ቶሎ ቶሎ ሲቀያየሩ ዓይን ሩጫ ያያል። እነዚያን ለመሣል እኔን አስሮጠኝ። ከዋጃ ወጣ ብሎ ማሽላው የታጨደበት መሬት ላይ አቆመኝና "ጎርፍ መጣብህ በል" አለኝ። ሮጥኩ። "አይደለም፣ አንተ ሚኒባስ እንዳመለጠው ሰው ነው የምትሮጠው" አለኝ። እንደገና ሮጥኩ። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው አዩን፤ አንድ ሽማግሌ "ምን ሰርቆ ነው?" ብለው ጠየቁት። በዚያች ቀን እንደሳቅሁት በሕይወቴ ስቄ አላውቅም።

እናቱን በደንብ ያወቅኋቸው በአንድ ኢድ ነው። ጠርቶኝ ሄጄ፣ በልተን ጠጥተን ስንነሣ እናቱ "ና እስቲ ልጄ" ብለው ወደ በረንዳው ወሰዱኝ። የእሱ እኩዮች አንድ በአንድ ባሕር ተሻግረው ዓረብ አገር ገብተዋል፤ የሄዱትም እየደወሉ "ምን ትጠብቃለህ?" ይሉታል። እናትየው ይህን ሁሉ ያውቃሉ።

"ይኸ ልጅ ልቡ ከቤት ከወጣ ቆይቷል" አሉኝ። "ያንተን ሥራ ግን ይወዳል። 'ጌሙ ካለፈልን አልሄድም' ብሎ ወላሂ ብሎ ምሎልኛል። አደራ ልጄ። በሰማይ በምድር አደራ። አስቀርልኝ።"

"በእኔ ይሁንብዎ እናቴ" አልኳቸው። ሆዴ ሙሉ ነበር፣ ልቤም ሙሉ ነበር። አደራ ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ አላወቅሁም።

"ካለፈ" ያለው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አገር ቤት የተሠሩ ጌሞችን አይተው፣ ጥሩ ከሆነ ተቀብለው ለሕዝብ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። የእኛ ሲያልቅ ላክንላቸው። መልሱ በኅዳር መጀመሪያ መጣ። "ጨዋታውን ወደነዋል፤ ሥዕሉን በተለይ። ነገር ግን ልጅቷ በፍጥነት ስትሮጥ ምስሏ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ያደክማል። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካስተካከላችሁት እንወስደዋለን" ይላል።

ያን ቀን መብራት ነበር። ስልኬ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ጌሙን ከፈትኩት። ልጅቱ ስትራመድ ደህና ናት። ስትሮጥ ግን፣ እውነታቸውን ነው፣ ትንቀጠቀጣለች። ከወዲያና ከወዲህ የሚወዘውዟት ይመስል ዳር ዳሯ ይደበዝዛል። ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። አሁን ሳስበው ለምን እንዳላየሁት ግልጽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የምሞክረው በአሮጌው ላፕቶፔ ነው፤ ስልኬን ደግሞ ሰክቼ ጌም አልከፍትም። ሱቄ ውስጥ መብራት በመጣ ቁጥር ሶኬቱን የሚይዘው የደንበኛ ስልክ ነው፤ የእኔ በተረፈው ሰዓት ትንሽ ይቀምሳል። ስለዚህ እንደ ቆቦ ሰው ሁሉ ባትሪ ቆጣቢውን አብርቼ ትቼዋለሁ፤ ከገዛሁት ጀምሮ አጥፍቼው አላውቅም።

ያኔ ግን ይህ ሁሉ ከነገሩ ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም። ቀጥታ ወደ ስምንቱ ሥዕሎች ነው የሄድኩት። አጉልቼ ጎን ለጎን ሳያቸው በሦስተኛውና በሰባተኛው ላይ የልጅቱ ጭንቅላት ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ብሏል። አገኘሁት አልኩ። ፈልገው የሚያገኙት ጥፋት ሁልጊዜ የሌላ ሰው መሆኑ ደስ ይላል።

ደወልኩለትና በማግስቱ መጣ። አሳየሁት።

"ሰው ሲሮጥ ጭንቅላቱ ከፍ ዝቅ ይል የለ እንዴ" አለኝ። "አንተንም እንዲያ ነው ያየሁህ።"

"ከፍ ዝቅ ማለትና መንቀጥቀጥ ይለያያል። አንተ ሣል፣ የኮዱን ነገር ለእኔ ተወው" አልኩት።

ተወልኝ። ሄዶ ስምንቱንም እንደገና ሣለ። ጭንቅላቷ እንዳይዛነፍ በማስመሪያ መስመር አስምሮ፣ ወረቀቱን በወረቀት ላይ ደርቦ መስኮት ላይ ለጥፎ ነው የሣለው። በሳምንቱ አመጣልኝ። ያን ቀን መብራት ጠፍቷል። ስልኬ ላይ አስገብቼ ሞከርኩት። ልጅቱ እንደ ውኃ ፈሰሰች። ንቅንቅ የለም። አቀፍኩት። "አላልኩህም?" አልኩት፤ ይህችን ቃል አሁን ስሰማት ያመኛል። የዚያኑ ዕለት ላክነው።

መልሱ ሳይዘገይ መጣ። "አሁንም እንደነበረው ይንቀጠቀጣል።"

እንደነበረው! ሰዎቹ ጌሙን ሳይከፍቱ የመለሱልን መሰለኝ። ጓደኛዬ ለገበያ ቆቦ መጥቶ ሱቄ ሲገባ መብራት ነበር፤ ስልኬንም ባትሪው አልቆ ሰክቼዋለሁ። እዚያው ሶኬቱ ላይ እንዳለ ከፈትነው። ልጅቱ ትንቀጠቀጣለች። አዲሶቹ ሥዕሎች ናቸው፣ ግን ትንቀጠቀጣለች።

እሱ ብዙ አየው። አስሮጣት፣ አቆማት፣ አስሮጣት። ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦

"ያለፈው ጊዜ ደህና የነበረችው መብራት ስላልነበረ ይሆን? የመጀመሪያው ቀንም ስትንቀጠቀጥብህ ያየኸው መብራት ባለበት ነው። መብራት ሲኖር ነው የምትንቀጠቀጥ።"

ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። ምናልባት እነሱ ባይኖሩ እንደዚያ አልሆንም ነበር። ሳቅሁበት። "ልጅቱን መብራት ይነዝራታል እንዴ?" አልኩ፤ ደንበኞቹም ሳቁ። እሱም ትንሽ ፈገግ አለ፣ ፊቱ ግን ቀላ። አራት ዓመት የተማርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ታፔላ ጻፊ ነው፤ ይህንን በቃል አልተናገርኩትም፣ በሳቄ ግን ተናግሬዋለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው ነበር ነገሬ፤ የእኔ ድስት እያረረ መሆኑን የነገረኝ ሰው ላይ ሳቅሁ።

"እንደገና ሣለው" አልኩት።

ወቅቱ የማሽላ አጨዳ ነበር። ቀን ቀን ከአጎቶቹ ጋር ያጭዳል፣ ሲመለስ ይሥላል። ለሦስተኛ ጊዜ ስምንቱን ሥዕል ይዞ ሲመጣ እጁ በአገዳ ተቧጭሮ ነበር። ሥዕሎቹ የተስተካከሉ ነበሩ፤ በጣም የተስተካከሉ። ጭንቅላቷ በስምንቱም ላይ በአንድ መስመር ነው ያለው። ልጅቱ ግን ሩጫዋን ረስታዋለች፤ ገመድ ላይ የተሰቀለች ልብስ ሆናለች። ይህን አየሁ፣ ዝም አልኩ። እኔ የምፈልገው እንዳትንቀጠቀጥ ነው፤ እንድትኖር አልነበረም።

ሥዕሎቹን አስቀምጦ ሁለት እጆቹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋ።

"እጄ ነው መሰለኝ" አለ። "ድሮ መስመር ሳላሰምር ነበር ታፔላ የምጽፈው። አሁን ብሩሽ ስይዝ አየዋለሁ፤ ይንቀጠቀጣል። ምናልባት ልጅቱ ላይ የወጣው የእኔው ነው።"

እጁን አየሁት። አይንቀጠቀጥም ነበር። ደክሞት ነበር እንጂ አይንቀጠቀጥም። "የለም፣ እጅህ ደህና ነው" ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ነው። ግን ያን ካልኩ ጥፋቱ ወዴት ይሄዳል? ወደ እኔ ነዋ። ስለዚህ ምን አልኩት? "ትንሽ አሳርፈው" አልኩት። ይህ "አዎ፣ እጅህ ነው" ከማለት የባሰ ነው፤ ያዘነለት ሰው መስዬ ነው ያልኩት።

ያን ቀንም መብራት አልነበረም፣ ሞክረን ደህና ሆነች፣ ላክን። በታኅሣሥ መጨረሻ የመጣው መልስ አጭር ነበር። መንቀጥቀጡ እንዳለ ነው፣ ጊዜውም አልቋል፣ ለሥራችሁ እናመሰግናለን።

በስልክ ነገርኩት። "አላለፈም" አልኩት። "አልሐምዱሊላህ" አለ። ስልኩን ዘጋው። ከሳምንት በኋላ አንድ ባለባጃጅ ደንበኛዬ "ያ ጓደኛህ እኮ ሄደ" አለኝ። ከሁለት የሰፈሩ ልጆች ጋር በአፋር በኩል ወጥቷል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት እንዴት እንዳሳለፍኩት ለመናገር ያሳፍረኛል። እናቱ አልደወሉልኝም፣ እኔም አልደወልኩም። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ "ዋጃ! ዋጃ!" ብለው ሲጣሩ ፊቴን አዞር ነበር። ወደ አላማጣ የሚያስኬድ ጉዳይ ሲገጥመኝ እንኳ ዋጃ ላይ መኪናው ሲቆም አንገቴን ደፍቼ ስልኬን እነካካለሁ። አደራ በላ የሚባለው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ለራሴ ግን "ሄዶ ነበር፣ ቀድሞም ልቡ ሄዶ ነበር" እለው ነበር።

አንድ ጊዜ በሰፈራችን ተበላሽቶ የኖረው ትራንስፎርመር ተቀየረና መብራት ሳምንት ሙሉ ሳይጠፋ ቆየ። ሶኬቱ ተርፎ የእኔ ስልክ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ መዋል ጀመረ። በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ጌሙን ከፈትኩት። ለሥራ አልነበረም። የእሱን ሜዳ፣ የእሱን ግራሮች ላያቸው ፈልጌ ነው። ሆድ ብሶኝ ነበር።

ልጅቱ ሮጠች፣ ተንቀጠቀጠች።

ተናደድኩ። ይህ የመጨረሻው ሥዕል ነው፣ እኔ ራሴ በዓይኔ "ደህና ናት" ብዬ የላክሁት። እስቲ አንዴ ጥፋቱ የሥዕሉ መሆኑን ላረጋግጥና ልረፍ አልኩ። ሥዕሎቹን በሙሉ አወጣሁና በልጅቱ ቦታ አንድ ቀይ ሳጥን አደረግሁ። እግር የሌለው፣ ጭንቅላት የሌለው፣ ማንም ያልሣለው ሳጥን። አስሮጥኩት።

ሳጥኑ ተንቀጠቀጠ።

ተቀምጬ ነበር፤ ተነሣሁ። ስልኩን በደንብ ላየው ከሶኬቱ ነቅዬ ወደ በሩ ወጣሁ። በሩ ላይ ሳጥኑ አይንቀጠቀጥም። ተመልሼ ሰካሁት። ይንቀጠቀጣል። ነቀልኩት። ቆመ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረግሁ አላውቅም፤ ከጎን ያለው ሱቅ ባለቤት "ሶኬቱ ይነዝራል እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። በጆሮዬ ውስጥ የጓደኛዬ ድምፅ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። በጌም ውስጥ ካሜራ የሚባል ነገር አለ። ሜዳው ረጅም ነው፣ ስክሪኑ ትንሽ፤ ከሜዳው የትኛው ክፍል እንደሚታይ የሚወስነው ካሜራው ነው። ልጅቱ ስትሮጥ ካሜራው በለስላሳው እየተከተላት እንዲሄድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጌሙ ልጅቱን የሚያንቀሳቅሳት በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ነው። የስልኬ ስክሪን ግን በሰከንድ ዘጠና ምስል ያሳያል፤ እኔም ካሜራውን በየምስሉ እንዲንቀሳቀስ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ከሦስት ምስል በሁለቱ ልጅቱም ካሜራውም ይሄዳሉ፤ በአንዱ ግን ልጅቱ ባለችበት ቆማ ካሜራው ብቻ ይሄዳል። እሱ ሲሄድ እሷ ስክሪኑ ላይ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ በሚቀጥለው ምስል ደግሞ ወደ ፊት ትወረወራለች። ይህ በየሰከንዱ ሠላሳ ጊዜ ይደጋገማል። ስትራመድ የምትቀረው በጥቂቱ ስለሆነ ዓይን አይይዘውም። ስትፈጥን ነው ጉዱ የሚወጣው።

ባትሪ ቆጣቢው ደግሞ ሲበራ ባትሪ ለመቆጠብ የስክሪኑን ፍጥነት ወደ ስልሳ ያወርደዋል። ስልሳ እርምጃ ለስልሳ ምስል፤ ማንም ማንን አይቀድምም፤ የአሮጌው ላፕቶፔ ስክሪንም ስልሳ ነው። ስልኩ ሶኬት ላይ ሲሰካ ቆጣቢው በራሱ ይጠፋል፣ ሲነቀል ይመለሳል። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ስልካቸውን እንደኛ በቆጣቢ አፍነው አይዙም። እኔ በጨለማ ከተማ በተራበ ስልክ እየሞከርኩ "ተስተካክሏል" ስል፣ እነሱ በጠገበ ስልክ እያዩ "አልተስተካከለም" ይሉኛል። ሁላችንም እውነታችንን ነበር።

መብራት ሲኖር ነው የምትንቀጠቀጥ። ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠው ሰው ሁለት ቀን አይቶ የደረሰበት ነው።

ማስተካከያው ጥቂት መስመር ነው። ልጅቱ በሁለት እርምጃ መሐል ስትሆን፣ ከበፊተኛው ቦታዋና ከአሁኑ ቦታዋ መካከል የት ልትሆን እንደሚገባ አስልቶ እዚያ እንዲያሳያት፤ ካሜራውም ያንን የተሰላውን ቦታ፣ እሷ ከተንቀሳቀሰች በኋላ እንዲከተል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨረስኩት። ሰክቼ ሞከርኩት፣ ነቅዬ ሞከርኩት። ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሥዕሎች መለስኩ፤ እኔን አስሩጦ የሣላቸውን። ልጅቱ ሮጠች። ጭንቅላቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ነጠላዋ ይርገበገባል፣ አንዴም አልተንቀጠቀጠችም። ባንኮኒዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ደንበኛ ገብቶ አይቶኝ ተመልሶ ወጣ።

ላክሁት። ጊዜው ስላለፈ መልስ አልጠበቅሁም ነበር፤ ግን መጣ። "ዘግይቷል፣ ቢሆንም እንወስደዋለን። ሠዓሊው ማነው? ሌላ ሥራ ስላለን ልናገኘው እንፈልጋለን።"

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ሱቄን ዘግቼ ዋጃ ሄድኩ። መንገዱ እንደዚያ አጭር ሆኖብኝ አያውቅም። እናቱ ከበረንዳው ላይ ማሽላ እያበጠሩ ነበር። አዩኝ፣ ሰፌዱን አስቀመጡ፣ "ግባ ልጄ" አሉኝ። ከስተዋል።

"እናቴ" አልኳቸው፣ "ጌሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም። እጁም አይደለም። የእኔ ሥራ ነበር የተበላሸው፣ በእሱ ላይ ላከክሁ። አሁን አልፏል፣ እሱንም ለሥራ ይፈልጉታል።"

ካሜራ ምን እንደሆነ ልነግራቸው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፤ ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። ልጅቱ ሮጠች። ትኩር ብለው አዩ። ከኋላዋ የሚያልፈውን ግራር፣ ቦዩን፣ ከርቀት ያሉትን ተራሮች አዩ።

"ይኸ የኛ ማሳ ነው" አሉ። ከዚያ "ሮጣ ሮጣ የት ትደርሳለች?" ብለው ጠየቁኝ።

"እታች ያሉት ገበሬዎች ጋ።"

"ትደርስባቸዋለች?"

"ከፈጠነች ትደርሳለች።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ፣ "አደራዬን በላህ" ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ስልካቸውን ከመቀነታቸው አወጡና በመካከላችን አስቀመጡት።

"ዛሬ ጁምዓ ነው" አሉ። "ከሶላት መልስ ይደውላል። ለእኔ የነገርከኝን ለራሱ ንገረው።"

ተቀምጠን ጠበቅን። ሰፌዱን አንሥተው ማበጠራቸውን ቀጠሉ። እኔ ምን ብዬ እንደምጀምር አሰላ ነበር። ስልኩ ሲጠራ እጃቸው ላይ ያለውን ገለባ አራግፈው አነሡትና፣ ሰላም ሳይሉት "ጓደኛህ አለ" ብለው ሰጡኝ።

ድምፁ ራቅ ያለ ነበር፣ ከጀርባው የሞተር ድምፅ ይሰማል። ዓረብ አገር ገብቶ አንድ እርሻ ላይ የውኃ ሞተር እንደሚጠብቅ በኋላ ነው ያወቅሁት። ሰላም ተባባልን። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳጥኑን፣ ሶኬቱን፣ ዘጠናውን፣ ስልሳውን። "ልክ ነበርክ" አልኩት። "እጅህ አንዴም አልተንቀጠቀጠም፣ አይቼዋለሁ፣ ያኔም አይቼዋለሁ። ይቅር በለኝ። ጌሙ አልፏል። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎችም ሠዓሊው ማነው ብለው ይፈልጉሃል።"

የሞተሩ ጩኸት ስለበረታ "ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ" አለ። ከዚያ፣ ሳይቆጣ፣ እውነት ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው፣ "ታዲያ እኔ እዚህ ምን ልሠራ መጣሁ?" አለኝ።

እናቱ ፊቴን አይተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኩን ሰጠኋቸው። "ምሳ በላህ ወይ የኔ ልጅ?" አሉት፤ ምን እንደበላ እስኪነግራቸው ድረስም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አዳመጡት።